የቴሌግራም ቮይስ በሚሞሪ ሬዲዮ አልጫወት ሲል፦ ከጥያቄው እስከ 24ኛው መልስ

ጠያቂዋ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። ወንድሟ ቤሩት ይሠራል። በየሳምንቱ ለእናታቸው ረዘም ያለ ቮይስ በቴሌግራም ይልካል። እናትየው ዓይናቸው ስለደከመ ስማርት ስልክ መንካት አይሆንላቸውም። እሷም ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው፤ ስልኳም አብሯት ይወጣል። ቀን ቤት የሚውለው ትንሿ ሬዲዮ ናት። ሚሞሪ ትቀበላለች፣ ቁልፎቿ ትልልቅ ናቸው፣ እናትየው መዝሙር የሚሰሙት በሷ ነው። የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ በዳበሳ ያውቁታል።

ልጅቷ ያሰበችው ቀላል ነገር ነበር። የወንድሟን ቮይስ ከቴሌግራም አውጥታ መዝሙሩ ባለበት ሚሞሪ ላይ ገለበጠችው። ሬዲዮዋ ግን መዝሙሩን ሁሉ እየተጫወተች ቮይሱን እንደሌለ ቆጠረችው። መሥሪያ ቤቷ ባለው አሮጌ ዊንዶውስ 7 ኮምፒውተር ሞከረች፤ እዚያም አልከፈተም። ፋይሉ 4 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ነው። መጠኑ 1 ሜጋባይት ገደማ ሲሆን ስሙ በ `.ogg` ያልቃል። ጥያቄዋ በየትኛውም ኮምፒውተርና በአሮጌ ማጫወቻም እንዲሰማ ምን ላድርግ የሚል ነው። እንዲህ ያሉ ከሰላሳ በላይ ቮይሶች እንዳሏትም መጨረሻ ላይ ጨምራለች።

ከጥያቄዋ ሥር በተዘረጋው የመልስ ክር ላይ ያሉትን መልሶች በተራ የምተርከው እርስ በርሳቸው ስለሚጋጩ ነው። ከላይ ያለውን ብቻ አንብቦ የሄደ ሰው የተሳሳተውን ይዞ ይሄዳል። አንዱ ምክርማ የእናትየውን መዝሙር በሙሉ ሊያጠፋ ነበር።

መልስ 1። ቡራዩ የሚኖር ልጅ ነው ቀድሞ የመጣው። ፋይሉን ሪኔም አድርጊና `.ogg` የሚለውን በ `.mp3` ተኪው፣ አለቀ የሚል ነው ምክሩ። እሱ ሁሌ እንደዚያ እንደሚያደርግና በላፕቶፑ ያለ ችግር እንደሚጫወትለት ጽፏል።

መልስ 2። ጠያቂዋ አመስግና ሞከረች። ውጤቱን በጥንቃቄ መዝግባ ነው የተመለሰችው፤ ይህ ደግሞ ኋላ በጣም ጠቅሟታል። ሬዲዮዋ መጀመሪያ ፋይሉን ጭራሽ አታየውም ነበር። ስሙ ከተቀየረ በኋላ ግን ቁጥሩን ስክሪኗ ላይ ታሳያለች፤ ሰዓቱ 00:00 ላይ ትንሽ ይቆምና ወደሚቀጥለው መዝሙር ታልፋለች። የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተርም ፋይሉን ማጫወት አልችልም ብሏታል።

መልስ 3። የቡራዩው ልጅ አልተዋጠለትም። የእሱ ላፕቶፕ ከተጫወተው ፋይሉ ጤነኛ ነው፣ የተበላሸው ሬዲዮው ነው ብሎ ደመደመ።

መልስ 4። እዚህ ላይ ሰበታ ውስጥ ኮምፒውተርና ቴፕ የሚጠግን ሰው ገባ። ከዚህ በኋላ ክሩን የያዘው እሱ ነው። የጻፈው ረጅም ነው፤ ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ።

ላፕቶፑ ላይ የሚጫወተው ምናልባት ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ ፕሮግራም ስለተጫነበት ነው። ቪኤልሲ የፋይሉን ስም አያምንም፤ ውስጡን ከፍቶ ያነባል። ሬዲዮዋ ግን መጀመሪያ የምታየው የስሙን ጫፍ ነው። ጫፉ `.ogg` ሲሆን የሚመለከታት አልመሰላትምና ዘለለችው። `.mp3` ሲሆን የሷ መስሏት ከፈተችው፤ ውስጡ ያገኘችውን ግን ማንበብ አልቻለችም። 00:00 ላይ ቆማ ያለፈችው ለዚህ ነው። ሬዲዮዋ ጤነኛ መሆኗን የሚያሳየው ራሱ ይህ ለውጥ ነው። ስም መቀየር በጨው ዕቃ ላይ ስኳር ብሎ እንደመጻፍ ነው ሲልም አክሏል።

ውስጡ ያለው ምንድን ነው? የቴሌግራም ቮይስ የሚታሸገው ኦፐስ በሚባል ዘዴ ነው። የዋትሳፕም እንደዚያው ነው፤ የሱ ፋይል `PTT-` ብሎ ጀምሮ በ `.opus` ያልቃል። ኦፐስ ንግግርን በጣም ትንሽ ቦታ ላይ አጥርቶ ስለሚይዝ ለሞባይል ዳታ ተመራጭ ነው። ስታንዳርድ ሆኖ የወጣው ግን በ2012 (እ.ኤ.አ) ነው። ኤምፒስሪ በ1993 ነው የወጣው። የብዙ ርካሽ ሬዲዮ ቺፕ ኤምፒስሪንና አንዳንዴ ዌቭን ብቻ አውቆ ነው የተሠራው። ከ2012 በኋላ የተመረቱትም ብዙዎቹ ከዚያ አላለፉም።

እንድታረጋግጥም መንገዱን ሰጣት። ስሙ የተቀየረውን ፋይል በቪኤልሲ ትክፈተው፣ ከዚያ `Ctrl+J` ትጫን። በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ Codec በሚለው መስመር ላይ Opus የሚል ካየች፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ፋይሉ ኤምፒስሪ አይደለም።

መልስ 5 እና 6። ከሱሉልታ የጻፈች ሴት ለእናትሽ ስማርት ስልክ ግዥላቸውና ተገላገይ አለች። ወዲያው ሌላ ሰው ቆጣ ብሎ ጥያቄውን እንኳን አላነበብሽም አላት። ዓይናቸው የደከመ እናት ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ምን ብለው እንዲዳብሱ ነው የምትፈልጊው ሲል ጠየቃት። ንግግሩ ሻካራ ነበር፤ ነጥቡ ግን ልክ ነው። ሴትየዋ ኋላ ይቅርታ ጠይቃለች።

መልስ 7። አንድ ተማሪ ደግሞ ምንም መቀየር አያስፈልግም፣ ፋይሉን ጎትተሽ ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ውስጥ ጣዪው ይላል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ሁለቱም ብራውዘሮች ኦፐስን ስለሚያውቁ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ቸኩሎ አንድ ቮይስ መስማት ለፈለገ ሰው ከዚህ የቀለለ የለም። ሬዲዮ ግን ብራውዘር የላትም።

መልስ 8። ይኸኛው አስደንግጦኛል። ከገላን የጻፈ ሰው ችግሩ ሚሞሪው ነው አለ። ኤክስፋት በሚባል አሠራር ተፎርማት ስለሆነ ነው፤ ፎርማት አድርጊውና ፋት32 አድርጊው ብሎ እያንዳንዱን ደረጃ በዝርዝር ጻፈላት። ሲያነቡት ያሳምናል።

መልስ 9። የሰበታው ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ተመለሰ፤ ድምፁም ተቀይሯል። ፎርማት እንዳታደርጊ ሲል ጀመረ። መዝሙሮቹ ከዚያው ሚሞሪ ላይ እየተጫወቱ ከሆነ ሬዲዮዋ ሚሞሪውን እያነበበችው ነው። ማንበብ ያቃታት አንድ ፋይል እንጂ ሚሞሪው አይደለም። ፎርማት ብታደርጊው ቮይሱ እንደዚያው ይቀራል፣ የእናትሽ መዝሙር ደግሞ ይጠፋል። ለገላኑ ሰውም ሰው ሳይጠይቁ የሚያጠፋ ነገር መምከር ተገቢ እንዳልሆነ በግልጽ ነገረው።

የገላኑ ሰው ያለው ነገር ከሌላ ችግር ጋር ቢሆን ልክ ነበር። 64 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሚሞሪዎች ሲገዙ በኤክስፋት ተፎርማተው ነው የሚመጡት፤ አሮጌ ማጫወቻ ያንን አያውቅም። ግን ምልክቱ ሌላ ነው። ያኔ አንድ ፋይል አይደለም የሚዘለለው፤ ከሚሞሪው ምንም አይጫወትም።

መልስ 10 እና 11። ቀጥሎ የመጣው ሰው ኢንተርኔት ላይ ፋይል ተቀብለው የሚቀይሩ ድረ ገጾች እንዳሉና ምንም መጫን እንደማያስፈልግ ጻፈ። አያት አካባቢ የምትኖር ሶፍትዌር የምትሠራ ሴት ግን በዚህ አልተስማማችም። ልጅ ከስደት ሆኖ ለእናቱ የሚያወራው ገንዘብም፣ ሕመምም፣ የቤት ገመናም አለበት። ይህን ማን እንደሚያስተዳድረው የማይታወቅ ቦታ ላይ ማራገፍ ልክ አይደለም ብላለች። ደግሞም ሰላሳ ፋይል ልኮ ትልልቁን መልሶ ማውረድ ፓኬጅ ይበላል። ቤት ባለ ኮምፒውተር ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነገር እያለ ለምን የሚለው ጥያቄዋ መልስ አላገኘም፤ እኔም መልስ ያለው አይመስለኝም።

መልስ 12። የሰበታው ሰው አሠራሩን የጻፈው እዚህ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ቪኤልሲ ካለ ሌላ ምንም አያስፈልግም ይላል።

መጀመሪያ ቮይሱን ከኮምፒውተሩ ቴሌግራም ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጎ Save Voice Message As በሚለው ማውጣት ነው። ከዚያ ቪኤልሲን ከፍቶ `Ctrl+R` መጫን። Add ብሎ ፋይሉን መምረጥ፣ ከታች Convert / Save የሚለውን መጫን። Profile በሚለው ቦታ Audio - MP3 መምረጥ። Browse ብሎ የሚቀመጥበትን ቦታና አዲስ ስም መስጠት፤ ስሙ `.mp3` ብሎ ማለቁን በዓይን ማየት። በመጨረሻም Start።

ሁለት ነገር አስጠንቅቋል። አንደኛ፣ Start ከተባለ በኋላ ምንም ድምፅ አይሰማም፤ ከታች ያለው መስመር ብቻ ይሄዳል። ብዙ ሰው አልሠራም ብሎ መሀል ላይ ይዘጋውና የተቆረጠ ፋይል ይዞ ይቀራል። መስመሩ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። ሁለተኛ፣ ከፕሮፋይሉ ጎን ያለችውን የመፍቻ ምልክት ተጭኖ Audio codec የሚለው ውስጥ መግባትና አራት ነገር ማየት ያስፈልጋል፦ ኮዴኩ MP3፣ ቢትሬቱ 128፣ ቻናሉ 2፣ ሳምፕል ሬቱ 44100። ብዙ ጊዜ ራሱ እንደዚያ ሆኖ ነው የሚገኘው። ሰው ነካክቶት ከሆነ ግን ወደነዚህ ቁጥሮች መመለስ ነው። ለምን እነዚህ ቁጥሮች እንደሆኑ ያኔ አላብራራም፤ ጥያቄው ኋላ ሌላ ሰው ላይ ደርሶ መጣ።

መልስ 13። ጠያቂዋ በማግሥቱ ምሽት ተመለሰች። ሠርቷል። የመሥሪያ ቤቱ ዊንዶውስ 7 ያለ አንዳች ማንገራገር ከፈተው። ሬዲዮዋም ተጫወተችው፤ እናትየው ደግመው ደጋግመው ሰምተውታል። አንድ ነገር ግን ግራ አጋብቷታል። 1 ሜጋባይት የነበረው ፋይል 4 ሜጋባይት ሆነ። የጨመረው ምንድን ነው? ጥራት ነው?

መልስ 14። የቡራዩው ልጅ ደስ ብሎት መጣ። አዎ ጥራት ነው፤ እንዲያውም 128ን ትተሽ 320 ብታደርጊው የበለጠ ይጠራል አላት።

መልስ 15። እዚህ ክሩ ሞቀ። ለቡ አካባቢ ድምፅ ቀረጻ ላይ የሚሠራ ሰው ነው የመለሰው፤ ትዕግሥትም አላሳየም። ቮይሱ ሲቀረጽ ያልገባ ድምፅ ኋላ ከየት ይመጣል ሲል ጀመረ። ኦፐስ ቦታ ለመቆጠብ ሲል ጆሮ ብዙም የማይለየውን ጥሎታል። ኤምፒስሪም ሲታሸግ የራሱን ይጥላል። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀየር ጥራቱ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። 128 ላይ ንግግር ከሆነ ልዩነቱን ጆሮ አይለየውም። 320 ማድረግ ቦታ ማባከን ብቻ ነው።

የመጠኑ ሒሳብ ደግሞ ቀላል ነው። 128 ኪሎቢት በሰከንድ ማለት 16 ኪሎባይት በሰከንድ ነው። 4 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ 252 ሰከንድ ነው፤ በ16 ሲባዛ 4032 ኪሎባይት፣ ማለትም 4 ሜጋባይት ይመጣል። ዝም ያለበት ቦታም ይሁን የተናገረበት፣ ለእያንዳንዱ ሰከንድ እኩል ቦታ ይያዛል። አንድ ደቂቃ አንድ ሜጋባይት ገደማ ብሎ መያዝ ይበቃል። ምንም ሳይጥል ሁሉንም የሚይዘው ዌቭ ቢሆን ያው ቮይስ 44 ሜጋባይት ይሆን ነበር።

ከዚህ ተነስቶ የሰጠው ምክር እኔ ከክሩ ሁሉ ይበልጥ የምወደው ነው። ዋናውን `.ogg` እንዳትጥዪው ብሏል። ኤምፒስሪው ለሬዲዮ የተሠራ ኮፒ ነው። ዋናው ሌላ ፎልደር ውስጥ ይቀመጥ። ነገ ሌላ ዓይነት ማጫወቻ ቢመጣ መቀየር የሚኖርበት ከዋናው እንጂ ከኮፒው አይደለም፤ ኮፒን ደጋግሞ መቀየር በየዙሩ ይጎዳዋል።

መልስ 16። የቡራዩው ልጅ ይህን ሲያነብ ተከፋ። እኔ ለመርዳት ነው የገባሁት፣ ስድብ አልጠበቅሁም ብሎ ጻፈ። ማንም አልሰደበውም፤ ግን አነጋገሩ እንደከበደበት ይገባኛል። የአያቷ ሴት ሪኔም ማድረግን ሁላችንም አንድ ጊዜ ሞክረነዋል ብላ አበረደችው።

መልስ 17። ከሰንዳፋ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር የራሳቸውን ጉዳይ ይዘው መጡ። እንደገባኝ ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብበው ነው። የልጅ ልጃቸው የላከላቸውን ቮይስ ስልካቸው ላይ ባለ አንድ መቀየሪያ አፕ ኤምፒስሪ አድርገውታል። `Ctrl+J` ብለው አይተውም ኦፐስ አይልም። ኮምፒውተር ላይ በትክክል ይጫወታል። የመኪናቸው አሮጌ ቴፕ ግን ፍላሹ ላይ ያሉትን ዘፈኖች ሁሉ እየተጫወተ ይህንን ይዘልለዋል። እውነተኛ ኤምፒስሪ ሆኖ ለምን?

መልስ 18። የሰበታው ሰው ጋሼ ብሎ በአክብሮት ጀመረ። እዚያው ሳጥን ውስጥ Sample rate የሚለው መስመር ላይ ስንት እንደሚል እንዲያዩለት ለመናቸው።

መልስ 19። 16000 ይላል አሉ።

መልስ 20። ከክሩ ሁሉ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ያለው እዚህ ነው። ኤምፒስሪ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ዋናው፣ በ1993 የወጣው፣ በሰከንድ 32000፣ 44100 ወይም 48000 የድምፅ ናሙና ይይዛል፤ Sample rate የሚባለው ይህ ቁጥር ነው። ኋላ ዝቅ ላለ ድምፅ ተብሎ 16000፣ 22050 እና 24000 የሚይዝ ሁለተኛ ቤተሰብ ተጨመረ። ከዚያም በታች እስከ 8000 የሚወርድ ሦስተኛ አለ። የፋይሉ ስም በሁሉም ላይ `.mp3` ነው። ኮምፒውተር ሁሉንም ያውቃል። አንዳንድ አሮጌና ርካሽ ማጫወቻ ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ሌላውን ይዘልላል ወይም በተሳሳተ ፍጥነት ያጫውታል።

የመምህሩ አፕ ድምፁ ንግግር መሆኑን አይቶ ቦታ ለመቆጠብ 16000 መርጦላቸዋል። ዘፈኖቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ 44100 ናቸው፤ ለዚህ ነው ያለ ችግር የሚጫወቱት። መፍትሔው አፑ ውስጥ 44100 መምረጥ፣ ካልተቻለ ከዋናው ቮይስ ጀምሮ በቪኤልሲ መቀየር ነው። ሁለት ቻናል የሚለውም እንደዚሁ ነው። ንግግር አንድ ቻናል ይበቃዋል፤ ግን አንዳንድ ማጫወቻ አንድ ቻናል ሲያገኝ በአንድ ጆሮ ብቻ ያሰማል። ሁለት ማድረግ ከጣጣው ያሳርፋል።

መምህሩ እንደተባሉት አድርገው ቴፑ እንደተጫወተላቸው አሳወቁ። ቁጥር አላወጡለትም፤ ከመልስ 20 ሥር ነው የጻፉት። እግረ መንገዳቸውንም በእሳቸው ዘመን ከውጭ አገር ድምፅ የሚመጣው በካሴት በሰው እጅ እንደነበር አጫወቱ። ይህ የቀሰቀሰውን ወሬ እዚህ አልደግመውም፤ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ስለ ካሴት ተጨዋውተውበታል።

መልስ 21። አንድ ሰው ከዚያው ጨዋታ መሀል ከባድ ጥያቄ አነሳ። የሟች አባቱ ድምፅ በድሮ ስልክ ተቀርጾ አለው፤ ፋይሉ `.amr` ይላል። ወደ ኤምፒስሪ ሲቀይረው ድምፁ እንዲጠራ ይፈልጋል። የለቡው ሰው በዚህ ጊዜ ለስለስ ብሎ መለሰለት። እንዲጫወት ማድረግ ይቻላል፤ መንገዱም ያው ነው። እንዲጠራ ማድረግ ግን አይቻልም። ኤኤምአር ለስልክ ጥሪ የተሠራ ስለሆነ በሰከንድ 8000 ናሙና ብቻ ነው የሚይዘው። ከ3400 ሄርዝ በላይ ያለው ድምፅ ሲቀረጽ ጀምሮ የለም። ስለዚህ የስ እና የፍ ድምፅ ሁልጊዜ የታፈነ ይሆናል። ድምፁን ከፍ ማድረግና የጀርባውን ሹክሹክታ ትንሽ መቀነስ ይቻላል፤ ያንንም ኮፒው ላይ ብቻ እንዲያደርግ አሳስቦታል።

መልስ 22። ጠያቂዋ ወደ ራሷ ጉዳይ መለሰችን። ሰላሳውን ቮይስ አንድ በአንድ በቪኤልሲ መቀየር ሰልችቷታል። የአያቷ ሴት ኤፍኤፍምፔግ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አመለከተቻት። `ffmpeg.exe` የሚባለውን ፋይል ቮይሶቹ ያሉበት ፎልደር ውስጥ ማስገባት፤ ፎልደሩ ላይ እንዳሉ ከላይ አድራሻው ቦታ `cmd` ብሎ ኢንተር መምታት፤ በሚከፈተው ጥቁር መስኮት ይህን መለጠፍ፦

```
for %i in (*.ogg) do ffmpeg -i "%i" -ac 2 -ar 44100 -b:a 128k "%~ni.mp3"
```

ፎልደሩ ውስጥ ያለውን `.ogg` ሁሉ በየስሙ ኤምፒስሪ ያደርገዋል፤ ዋናዎቹን አይነካም። ቁጥሮቹ የሰበታው ሰው የሰጣቸው ናቸው፦ ሁለት ቻናል፣ 44100፣ 128። ለዋትሳፕ ከሆነ `*.ogg` የሚለውን `*.opus` ማድረግ ብቻ ነው። በፋይል ደረጃ አስቀምጦ በየጊዜው ለመጠቀም የፈለገ ሰው ግን `.bat` ፋይል ውስጥ እያንዳንዱን `%` ሁለት ጊዜ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ መስኮቱ ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

ጠያቂዋ ሰላሳውም ቡና ሳይፈላ እንዳለቀላት ጻፈች።

መልስ 23። አዲስ ችግር ግን ይዛ ነበር። ሬዲዮዋ ቮይሶቹን የምታጫውታቸው ተራቸውን ሳትጠብቅ ነው። የጥምቀቱ ከገናው በፊት ይመጣል። እናትየው ደግሞ ወሬው ተቀጣጥሎ እንዲመጣላቸው ነው የሚፈልጉት። የሰበታው ሰው ብዙ ርካሽ ማጫወቻ ስም እንደማያይ፣ ወደ ሚሞሪው በተገለበጡበት ቅደም ተከተል እንደሚያጫውት ነገራት። ስለዚህ ቮይሶቹን ብቻ ከሚሞሪው ታጥፋ፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምራ አንድ በአንድ ትገልብጣቸው። ሁሉንም በአንዴ መርጦ መገልበጥ ተራውን ሊያዛባ ይችላል።

መልስ 24። የገላኑ ሰው ከዚያ ፎርማት ነገር በኋላ ጠፍቶ ነበር፤ አሁን ተመለሰ። የእሱ ሬዲዮ በስም ቅደም ተከተል ነው የሚያጫውተው፤ ስለዚህ `01`፣ `02` እያሉ መሰየም ይበቃል ይላል። ስሙንም በላቲን ፊደል አጭር እንድታደርገው ነገራት፤ በአማርኛ የተጻፈ ስም አሮጌ ስክሪን ላይ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ነው የሚታየው፣ አንዳንዱም ጭራሽ አይከፍተውም። የሰበታው ሰው በስሙ ጉዳይ ተስማማ፣ በተራው ጉዳይ ግን አልተስማማም። ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት፤ ሬዲዮ ከሬዲዮ ይለያል።

ልጅቷ ሁለቱንም አንድ ላይ ልትሞክር ነው። በቁጥር ሰይማ፣ በተራ አንድ በአንድ ትገለብጣለች። እንዲህ ካደረገች የእሷ ሬዲዮ የትኛውን እንደምትከተል አይለይም፤ ለእናትየው ግን ለውጥ የለውም። ተራውን ለማወቅ የፈለገ ሌላ ሰው ካለ ሦስት አጫጭር ፋይሎችን `03`፣ `01`፣ `02` ብሎ በዚሁ አኳኋን በተራ ይገልብጥና የትኛው ቀድሞ እንደሚጫወት ያዳምጥ። `03` ከቀደመ ሬዲዮው የሚከተለው አገለባበጡን ነው፤ `01` ከቀደመ ስሙን። የሞከረ ሰው ከመልስ 24 ሥር ይጻፍልን።